ሶፋው ሳሎኑን እንዳይውጠው፦ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ምን ይለካል?

ባሕር ዳር ውስጥ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ሶፋ የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግድግዳውን ርዝመት። «ግድግዳዬ አራት ሜትር ነው፣ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሶፋ በደንብ ይገባል» ይላል፤ እውነትም ይገባል። ሳሎኑ የሚጠበው ግን ሶፋው ግድግዳውን ይዞ በሚሄደው ርዝመት አይደለም፤ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ክፍሉ መሐል በሚመጣው ወርዱ ነው። ከጀርባው እስከ ፊቱ 85 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶፋና 105 የሆነ ሶፋ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልዩነታቸው ብዙም አይታይም። ሦስት ሜትር ከምናምን ወርድ ባለው ሳሎን ግን ያቺ 20 ሴንቲ ሜትር ቡና የያዘ ሰው ቀጥ ብሎ ማለፉንና በጎኑ ዞሮ መሽሎክሎኩን ትወስናለች።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምገልጸው አካሄድ ከተለመደው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የሚለካው ባዶ ሆኖ መቅረት ያለበት ወለል ነው። የሶፋው ልክ የሚወጣው ከዚያ ከተረፈው ነው። ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ሳሎን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ሳሎኑን ከነበሩና ከነመስኮቱ መሳል

ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። የምሳሌያችን ሳሎን 3.30 ሜትር በ4.20 ሜትር ነው። በአጭሩ ግድግዳ ግራ ጥግ ላይ የመግቢያው በር አለ፤ 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግራው ግድግዳ ይከፈታል። በግራው ረጅም ግድግዳ ላይ ከመግቢያው 2.60 ሜትር ሲራቅ ወደ ጓዳውና ወደ መኝታ ቤቱ የሚያስገባ 90 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ከመግቢያው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በግራ በኩል የበረንዳው በር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ 1.50 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት አለ፤ የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የቀኙ ረጅም ግድግዳ ምንም የለበትም። ሶፋ እንደሚፈልገው ያለ ግድግዳ ነው።

ግድግዳውን ብቻ ለክተው እንዳያቆሙ። የበሩ መዝጊያ ተከፍቶ የሚደርስበትን ቦታ፣ የመስኮቱን ደፍ ከፍታ፣ ማብሪያ ማጥፊያውንና ሶኬቱን ይጻፉ። ክፍሉን ሁለት ቦታ ላይ መለካትም ያስፈልጋል፤ አንዴ በጥጉ፣ አንዴ በመሐሉ። ልስኑ በሁሉም ቦታ እኩል ስለማይወፍር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መለያየቱ የተለመደ ነው። ሲጽፉ ትንሹን ልክ ይያዙ።

መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ የቡናውን ቦታ

አሁን በወለሉ ላይ ሰው የሚሄድበትን መስመር በጠመኔ ያስምሩ። ሴራሚክ ከሆነ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ማስኪንግ ቴፕ ይሻላል፤ ሲነሣ ምልክት አይተውም። በምሳሌያችን መንገዱ ከመግቢያው በር ተነሥቶ በግራ በኩል እስከ ጓዳውና እስከ በረንዳው ይደርሳል። ለዚህ ዋና መተላለፊያ 90 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ትሪ ወይም መሶብ የያዘ ሰው ክንዱን ከፈት አድርጎ የሚያልፈው በዚህ ስፋት ነው። ቢጨንቅ እስከ 75 ይወረዳል። 60 የሚበቃው አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሄዱበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ መጋረጃ ለመሳብ ብቻ ለሚጠጉት ጥግ።

ከመንገዱ ቀጥሎ የቡናው ቦታ ነው። የቤት ዕቃ አደራደር ሲነገር ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ እኔ ግን እንደ አንድ ትልቅ ዕቃ ተቆጥሮ የራሱ ልክ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ረከቦቱ፣ ከሰሉ፣ የምታፈላዋ ሰው በርጩማና የተጎዘጎዘው ቄጤማ ተደምረው ቢያንስ 1.20 በ1.20 ሜትር ይፈልጋሉ። ቦታ ካልተከለለለት ቡናው የሚፈላው ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ በመተላለፊያው ላይ፣ ጠረጴዛው ተነሥቶ በሱ ቦታ፣ ወይም ጓዳ ውስጥ። መተላለፊያው ላይ ከሆነ ሕፃናት በከሰሉ አጠገብ ይመላለሳሉ። ጓዳ ከሆነ ደግሞ አፍዪዋ ከእንግዶቹ ተለይታ ብቻዋን ትቀመጣለች።

በእኛ ሳሎን ለቡና የሚስማማው ከመስኮቱ ሥር ያለው የቀኙ ጥግ ነው። ጭሱ በመስኮቱ ይወጣል፤ አፍዪዋም ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዙራ ትቀመጣለች። ከሰሉ ግን ከመጋረጃው በተቃራኒ፣ ወደ ክፍሉ መሐል ባለው ወገን ይሁን፤ ከሶፋው ጨርቅም ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መጋረጃው ረጅም ከሆነ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ታስሮ ከፍ ይበል።

የሚያምርዎትን ሶፋ በዚህ ወለል ላይ መፈተን

ሱቅ ውስጥ ዓይንዎ ያረፈው ኤል ሼፕ ሶፋ ነው እንበል። ረጅሙ ክንፍ 2.80፣ አጭሩ 2.10 ሜትር፣ ወርዱ 105 ሴንቲ ሜትር፣ የክንድ ማሳረፊያዎቹ እያንዳንዳቸው 30 ሴንቲ ሜትር፣ የጀርባው ከፍታ አንድ ሜትር ነው። ሶፋ ከግድግዳው ሁለት ሦስተኛውን ቢይዝ ያምራል የሚል የታወቀ ልማድ አለ፤ የ4.20 ሁለት ሦስተኛ 2.80 ነው። እንግዲህ በዚህ ልማድ ሲመዘን ሶፋው ልክ ነው። ልማዱ መጥፎ አይደለም፤ ግድግዳው ሲታይ ባዶ ወይም የታጨቀ እንዳይመስል ይረዳል። የሚናገረው ግን ስለ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ስለ ወለሉ ምንም አይልም።

ወለሉን እንጠይቅ። ከቀኝ ወደ ግራ ሲቆጠር ሶፋው 105፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ለእግር 40፣ ጠረጴዛው 70፣ በግራው ግድግዳ ያለው የቲቪ ማስቀመጫ 45፤ ድምሩ 2.60 ሜትር ነው። ከ3.30 ሲቀነስ ለመተላለፊያው የሚተርፈው 70 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ሶፋ ከግድግዳ ጋር መለጠፍ የለበትም። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ግድግዳው እርጥበት ስለሚይዝ ከጀርባው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ለአየር ካልተተወ ጨርቁ ይሻግታል። እንግዲያው የቀረው 65 ነው። አንድ ሰው ባዶ እጁን ያልፍበታል፤ ትሪ የያዘ ሰው ግን ይቸገራል።

የቡናው ቦታስ? አጭሩ ክንፍ በመስኮቱ ሥር 2.10 ሜትር ስለተዘረጋ ጥጉ የለም። ጀርባው አንድ ሜትር፣ የመስኮቱ ደፍ ደግሞ 95 በመሆኑ ሶፋው የመስኮቱን ታች ይሸፍናል፣ መጋረጃውንም ይጫነዋል። መስኮቱን ለመክፈት ሶፋው ላይ በጉልበት መውጣት ግድ ይሆናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ መስኮት እንደልብ አለመከፈቱ በዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው የመቀመጫው ቁጥር ነው። ኤል ሼፕ የሚገዛው «ብዙ ሰው ይይዛል» ተብሎ አይደል? ለአንድ ተቀማጭ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይያዙና ይቁጠሩ። ከረጅሙ ክንፍ 2.80 ላይ የጥጉ 105 እና የክንድ ማሳረፊያው 30 ሲቀነሱ 1.45 ይቀራል፤ ሁለት ሰው። ከአጭሩ 2.10 ላይ እንደዚሁ ሲቀነስ 75 ይቀራል፤ አንድ ሰው። ጥጉ ላይ አንድ ሰው ይጨመር፤ እሱም ጉልበቱ ከግራና ከቀኙ ሰው ጋር የሚጋጭ፣ መነሣት ሲፈልግ ሌሎቹን የሚያስነሣ ነው። ድምሩ አራት። አራት ካሬ ሜትር ወለል የበላ ሶፋ በምቾት የሚያስቀምጠው አራት ሰው ነው።

ልኩን ከቦታው ማውጣት

አሁን በተገላቢጦሽ እንሥራ። ከ3.30 ላይ መተላለፊያው 90፣ በግራ ያለው ዝቅ ያለ የቲቪ ማስቀመጫ 40፣ ከሶፋው ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ሲነሡ 1.95 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለእግር 40፣ ለጠረጴዛው 50 ይነሣ፤ ለሶፋው ወርድ 1.05 ይተርፋል። ታዲያ 105ቱ ሶፋ ገባ ማለት ነው? ይገባል፤ ግን ሁሉም ነገር ጫፉ ድረስ ተለክቶ፣ አንድ በርጩማ እንኳ ጣል የሚደረግበት ቦታ ሳይተርፍ። 85 ላይ ካቆሙት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ መተላለፊያው ይመለስና መንገዱ 1.10 ይሆናል። ሁለት ሰው ይተላለፍበታል።

85 ወርድ ያለው ሶፋ የማይመች እንዳይመስልዎት። አንድ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ከመቀመጫው ፊት እስከ መደገፊያው የሚፈልገው 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጀርባው ትራስ 18፣ ለፍሬሙ 12 ሲጨመር 85 ይመጣል። 105ቱ ሶፋ ትርፉን የሚወስደው ብዙውን ጊዜ በጀርባው ስፖንጅና በፍሬሙ ውፍረት ነው፤ መቀመጫው የጨመረው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ላይበልጥ ይችላል። እንዲያውም መቀመጫው በጣም ከጠለቀ አዛውንት ጀርባቸውን አስደግፈው እግራቸውን ወለል ማስነካት ያቅታቸዋል፤ ለመነሣትም ሰው መያዝ ይፈልጋሉ። ሱቅ ሲሄዱ እናትዎን ወይም በቤቱ ያሉትን አጭር ሰው ይዘው ሄደው ያስቀምጧቸው። ጀርባ ተደግፎ የጉልበት ጀርባ ከመቀመጫው ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከራቀና እግር ወለሉን ከነካ ልኩ ያ ነው። የመቀመጫው ከፍታ ከ42 እስከ 45 ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል።

ርዝመቱ ደግሞ ከቡናው ቦታ ይወጣል። ከ4.20 ላይ ለቡናው ጥግ 1.20፣ ከሰሉን ከጨርቅ ለማራቅ 40፣ በመግቢያው በኩል ከግድግዳው ለመላቀቅ 10 ሲነሣ 2.50 ይቀራል። እኔ 2.40 ላይ አቆመዋለሁ። የክንድ ማሳረፊያዎቹን ከ30 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያሳንሷቸው። በሁለቱ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ የግማሽ ሰው ቦታ ነው። መቀመጫው 2.10 ስለሚሆን ሦስት ሰው ደህና አድርጎ ይይዛል። የክንድ ማሳረፊያ ለክንድ እንጂ ለሌላ አይደለም፤ 15 ይበቃዋል።

ለቀሩት ተቀማጮች የክንድ ማሳረፊያ የሌላቸው፣ 60 በ65 የሆኑ፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣቸው ሁለት ወንበሮች ያሠሩ። አዘቦት ቀን ከመስኮቱ ሥር ይቆማሉ፤ ጀርባቸው ከ80 ካልበለጠ መስኮቱን አይነኩም። ቡና ሲፈላ ወደ መግቢያው በኩል፣ በጠረጴዛው ራስጌ ይዛወራሉ። ሦስትና ሁለት አምስት፤ ከኤል ሼፑ በአንድ ይበልጣል። ሶፋውና ሁለቱ ወንበሮች አንድ ላይ የሚይዙት 2.80 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ኤል ሼፑ ብቻውን 4 ካሬ ሜትር ያህል ይይዝ ነበር። ከዚህ የተረፈው ለቡናው ከተከለለው ቦታ ጋር ተቀራራቢ ነው። በዓል ሲሆን ደግሞ በርጩማ ይጨመራል።

ጠረጴዛው ከሶፋው ሁለት ሦስተኛ ይሁን የሚለውን ልማድ እዚህ አልከተልም፤ 1.60 ሜትር ለዚህ ክፍል ይበዛል። ግማሹን ያህል፣ ማለትም 1.10 በ50 በቂ ነው፤ ከፍታው ከሶፋው መቀመጫ እኩል ወይም በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። ከዚያ ከፍ ካለ ተቀማጩና ተቀማጩ መካከል እንደ አጥር ይቆማል።

ወርዱ ልክ ሆኖ ዓይን ሲከብደው

በሜትር የገባ ዕቃ ሁሉ ለዓይን አይገባም። ሁለት ሶፋዎች በርዝመትም በወርድም እኩል ሆነው አንዱ ክፍሉን ሊሞላው፣ ሌላው ቀለል ሊል ይችላል። ምክንያቱ በአብዛኛው ወለሉ ላይ ነው። እስከ መሬት የለበሰ ሶፋ ሥር ወለሉ ይቆረጣል፤ ዓይን ክፍሉ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው እግሮች ላይ የቆመ ሶፋ ሥር ግን ወለሉ እስከ ግድግዳው ድረስ ይታያል፤ ክፍሉም ሙሉ ስፋቱን እንደያዘ ይቆያል። መጥረጊያና መወልወያም ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የጀርባው ከፍታ ነው። በበሩ ቆመው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የዕቃዎቹ የላይ ጫፍ አንድ መስመር ይሠራል። በእኛ ሳሎን ያ መስመር ከመስኮቱ ደፍ፣ ከ95 ሴንቲ ሜትር በታች ቢቀር ከላይ ያለው ግድግዳ በሙሉ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ የሶፋው ጀርባ 80፣ የቲቪ ማስቀመጫው 50 ይሁን። እዚህ ላይ ቡፌው ይመጣል። ብርጭቆና ሳህን የሚደረደርበት፣ የሰው ቁመት የሚያህል ባለመስታወት ቡፌ በብዙ ቤት የክብር ዕቃ ነው፤ ይጣል አልልም። ግን ከመግቢያው ፊት ለፊት አይቁም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ከሆነ ክፍሉ ወዲያው ያጥራል። በእኛ ሳሎን ሊቆም የሚችልበት ቦታ ከመግቢያው በር ጎን ያለው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሲገቡ ከኋላ ይቀራል። እዚያ ከቆመ ግን ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱም መሳቢያ ተስቦ ሰው የሚቆምበት 80 ያህል ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ሶፋው ወደ 1.30 ሜትር ማጠር ግድ ይለዋል። ይህ የባለቤቱ ምርጫ ነው። ሁለቱንም በሙሉ ልካቸው ማስገባት ግን አይቻልም። እኔን ቢጠይቁኝ የቡፌውን ዕቃ በ1.60 ሜትር የቲቪ ማስቀመጫው መሳቢያዎች ውስጥ አስገባለሁ።

ስለ ቀለም ባጭሩ፦ ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር ሶፋ በነጭ ግድግዳ ላይ ከልኩ ይልቅ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ለግድግዳው የቀረበ ቀለም ይቀንሰዋል። ምንጣፉ ደግሞ የሶፋው የፊት እግሮች የሚያርፉበት ያህል ይሁን። ጠረጴዛው ሥር ብቻ የተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍ ዙሪያዋን ያለውን ዕቃ ሁሉ ታገዝፋለች።

የሱቁን አዳራሽ አለማመን

የዕቃ መሸጫ አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ የሰፋ ነው። እዚያ ውስጥ ግዙፉ ሶፋ መጠነኛ ይመስላል። ከዚህ የሚያድን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሜትርዎን ያውጡና ከሶፋው ጀርባ ተነሥተው ወደ ፊት 3.30 ይለኩ፤ መለኪያው ያበቃበት ላይ ወንበር ወይም ካርቶን ያስቀምጡ። ያ የእርስዎ ግድግዳ ነው። አሁን ሶፋው ላይ ይቀመጡና ያንን ካርቶን ይመልከቱ፤ ከዚያ ተነሥተው በመካከሉ ይሂዱ። ሻጩ ቢገረምም ይፍቀድልዎት፤ የገንዘቡ ባለቤት እርስዎ ነዎት።

ቤት ሲመለሱ ደግሞ ሶፋውን በወለልዎ ላይ በማስኪንግ ቴፕ ይሳሉት። ወለል ላይ የተሳለ መስመር ግን ስለ ከፍታ አይናገርም፤ በላዩ ላይ መራመድም ስለሚቻል ያታልላል። ስለዚህ በመስመሩ ውስጥ ባዶ ካርቶኖችን እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርድሩና አንሶላ ያልብሷቸው። ለካርቶን ማንኛውም ሱቅ አይቸገርም። እንዲህ እንዳለ ሁለት ሦስት ቀን ይኑሩበት፤ አንድ ቀን ቡና ይፈላበት፣ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ይታለፍበት፣ ልጆቹም ይሩጡበት። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሰዎች ሲያልፉ ትከሻቸውን ካዞሩ፣ ካርቶኑ ከቦታው እየተገፋ ከተገኘ፣ ወይም ሰው ወደ በረንዳ መውጣት ከተወ፣ ልኩ በዝቷል። ከወርዱ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እየቀነሱ እንደገና ይሞክሩ።

ለሠሪው የሚሰጠው ልክ

እዚህ ከተማ ሶፋ ማሠራት ጥሩ ነገሩ ልኩ በእጅዎ መሆኑ ነው፤ ሠሪው በለመደው ልክ ካልጀመረው። «ሁለት ሜትር ከአርባ» ብቻ ከተባለ ፍሬሙን በዚያ ልክ ሠርቶ ስፖንጁንና ጨርቁን በላዩ ሊጨምር ይችላል። ስፖንጅ በየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ሶፋው ሲያልቅ ከታዘዘው ይበልጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ከውጭ እስከ ውጭ» ብለው ይጻፉ፦ ርዝመት 2.40፣ ወርድ 85፣ የጀርባ ከፍታ 80፣ የመቀመጫ ከፍታ 43፣ መቀመጫው ወደ ውስጥ 55፣ የክንድ ማሳረፊያ 15፣ እግር 13። ቅጂው በሁለታችሁም ዘንድ ይቅር፤ ቀብዱም የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው።

ሶፋው ወደ ቤቱ የሚገባበትንም መንገድ አስቀድመው ይለኩ። 90 የሚባል በር ከነመቃኑ ሲለካ ሰውና ዕቃ የሚያልፍበት ስፋት ከ80 ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ወርዱ 85፣ ከፍታው 80 የሆነ ሶፋ እንዲህ ባለ በር የሚገባው እግሮቹ ተፈትተው፣ በጎኑ ተጋድሞ ነው። ስለዚህ እግሮቹ በብሎን የሚታሰሩ ይሁኑ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚያስቸግረው ከበሩ ይልቅ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ 2.40 ሜትር ጣውላ ወይም ቧንቧ ተሸክመው ደረጃውን አንዴ ወጥተው ይሞክሩት። ካልዞረ ሠሪው ሶፋውን በሁለት ከፍሎ በብሎን እንዲያገጣጥመው ይንገሩት። ዕቃን በገመድ በበረንዳ መጎተት ቢለመድም ጨርቁን ይቀዳል፣ ከታች የሚያልፈውንም ሰው ያሰጋል።

መጨረሻ ላይ፣ ሠሪው ፍሬሙን አገጣጥሞ ጨርቅ ከማልበሱ በፊት ወደ ሥራ ቦታው ሄደው በራስዎ ሜትር ይለኩ። እንጨቱ ዋንዛም ሆነ ባሕር ዛፍ በዚህ ጊዜ መቁረጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የፍሬሙ ወርድ 85 ከሆነ ስፖንጁ ሲጨመር መብለጡ አይቀርም፤ ወደ 80 እንዲወርድ ያድርጉ። ርዝመቱንም እንደዚሁ ይመልከቱ፤ ፍሬሙ ብቻውን 2.40 ከደረሰ በሁለቱም ጎን ይቀነስ። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ጨርቁ ይቀጥል።